ገመድ የምትዘለው ልጅ፤ የፍሬም ፍጥነትንና ሸተርን እንዴት እንምረጥ?

አንዲት ልጅ ገመድ ትዘላለች። ገመዱ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ እግሮቿ ከመሬት የሚለቁት ለቅጽበት ነው፤ ጠጉሯ ከትከሻዋ ዘግይቶ ይነሣል፣ ዘግይቶም ይወርዳል። ይህችን ልጅ በሦስት መንገድ መቅረጽ እንፈልጋለን እንበል። አንደኛው ዓይናችን እንደሚያያት፣ ሁለተኛው በስሎው ሞሽን፣ ሦስተኛው ደግሞ ከፊልም ላይ የተወሰደች በሚያስመስላት አኳኋን ነው። ካሜራውም ሌንሱም ቦታውም ያው ነው። ሦስቱን በዋናነት የሚለያያቸው ሁለት ቁጥር ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር የፍሬም ፍጥነት ይባላል፤ ካሜራው በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚያነሣቸው ምስሎች ብዛት ነው። 24፣ 25፣ 30፣ 50፣ 60፣ 100፣ 120 እያለ በካሜራው ሜኑ ውስጥ ተደርድሮ ያገኙታል። ሁለተኛው የሸተር ፍጥነት ነው፤ እያንዳንዱ ምስል ሲነሣ ብርሃን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚገባ ይወስናል። የመጀመሪያው እንቅስቃሴው በስንት ቁራጭ እንደሚከፋፈል ይናገራል፤ ሁለተኛው በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ምን ያህሉ እንቅስቃሴ እንደሚታተም። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አስቦበት ይመርጥና ሁለተኛውን ለካሜራው ይተወዋል። እኔ ካየኋቸው የተበላሹ ቪዲዮዎች አብዛኞቹ የተበላሹት ግን በሁለተኛው ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ስቆይ ይታገሡኝ።

አንደኛ፦ ከመጨረሻው ይጀምሩ

ካሜራውን ከመንካትዎ በፊት ያለቀው ቪዲዮ በሰከንድ በስንት ፍሬም እንደሚታይ ይወስኑ። ይህ ቁጥር በቅንብር ፕሮግራሙ ውስጥ ቪዲዮዎቹ የሚደረደሩበት ታይምላይን ፍጥነት ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚሰላው ከእሱ ተነሥቶ ነው። ለፊልም መሰል ሥራ 24 ወይም 25፣ ለቃለ መጠይቅና ለዕለታዊ ቪዲዮ 25 ወይም 30፣ እንደ ስፖርት ላለ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ጥርት ብሎና ሳይቆራረጥ መታየት ላለበት ነገር 50 ወይም 60 ይይዛሉ።

በ25ና በ30 መካከል ለመምረጥ የሚረዳው አንድ ጥያቄ ነው፦ የምቀርጽበት አገር የኤሌክትሪክ መስመር 50 ሄርዝ ነው ወይስ 60? በ50 ሄርዝ አገር የ25 ቤተሰብ ማለትም 25፣ 50 እና 100 ይስማማዎታል፤ በ60 ሄርዝ አገር ደግሞ 30፣ 60 እና 120። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ስለ መብራት ስንነጋገር እመለስበታለሁ። በ24ና በ25 መካከል ስላለው ልዩነት ግን ብዙ አይጨነቁ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ የትኛው የትኛው እንደሆነ በዓይኑ የሚለይ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ለልጅቱ 25ን መርጠናል እንበል። የቅንብር ፕሮግራሙን ከፍተው ታይምላይኑን አሁኑኑ 25 ላይ ያድርጉት። በተለይ DaVinci Resolve የሚጠቀሙ ከሆነ ቪዲዮዎቹን ከማስገባትዎ በፊት ያድርጉት፤ ከገቡ በኋላ የፕሮጀክቱን የፍሬም ፍጥነት መቀየር አይፈቅድልዎትም።

ሁለተኛ፦ ሸተሩን የፍሬም ፍጥነቱ እጥፍ ላይ ያድርጉ

ሕጉ አጭር ነው። የፍሬም ፍጥነቱን በሁለት ያባዙ፤ ያ ቁጥር የሸተሩ ክፍልፋይ ታችኛው ቁጥር ይሆናል።

```
ሸተር = 1 / (2 × የፍሬም ፍጥነት)
```

ለ25 ፍሬም 1/50፣ ለ30 ፍሬም 1/60፣ ለ50 ፍሬም 1/100 ይሆናል። ለ24 በትክክል የሚወጣው 1/48 ነው፤ ካሜራዎ ይህ ከሌለው የቅርቡን 1/50ን ይውሰዱ። እንደዚሁ ለ60 ፍሬም 1/120 ካጡ 1/125 ላይ ቢያደርጉት ችግር የለውም።

ይህ እጥፍ ከየት መጣ? በፊልም ጥቅል በሚሠራው ካሜራ ውስጥ ከሌንሱ ኋላ የሚሽከረከር ክብ ሳህን አለ። ሳህኑ በተለመደው አሠራር ግማሹ የተቆረጠ ነው። የተቆረጠው ግማሽ ሲያልፍ ብርሃን ፊልሙ ላይ ያርፋል፤ ያልተቆረጠው ግማሽ ሲሸፍን ደግሞ ፊልሙ ወደሚቀጥለው ምስል ይጎተታል። ክቡ 360 ዲግሪ ስለሆነ ክፍት የሆነው ግማሽ 180 ዲግሪ ነው። ዛሬም አንዳንድ ካሜራዎች ሸተሩን በሰከንድ ክፍልፋይ ሳይሆን በዲግሪ የሚያሳዩት ከዚህ የተነሣ ነው። የእርስዎ ካሜራ እንዲህ ከሆነ 180 ላይ አድርገው ይተዉት፤ የፍሬም ፍጥነቱን ሲቀይሩ ሸተሩ ራሱ እየተከተለ ይስተካከላል። 24 የሚለው ቁጥርም የዚያው ዘመን ውርስ ነው። ድምፅ አልባው ፊልም በእጅ እየተሽከረከረ ስለሚቀረጽ ፍጥነቱ ይዋዥቅ ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ከምስሉ ጋር በአንድ ላይ መጓዝ ሲጀምር ፍጥነቱ መዋዠቅ አልቻለም፤ ፍጥነቱ ቢዋዥቅ የተናጋሪው ድምፅ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። 24 ላይ የጸናው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የተመልካች ዓይን 24 ፍሬምንና ግማሽ ክብ ሸተርን ከፊልም ጋር አቆራኝቶ ለምዷል።

አሁን ወደ ልጅቱ እንመለስና ሸተሩ በገመዱ ላይ ምን እንደሚሠራ በቅርብ እንየው። የገመዱ መሃል 90 ሳንቲሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ላይ ይዞራል ብንል በአንድ ዙር 5.6 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በሰከንድ ሁለት ዙር ስለሆነ ፍጥነቱ 11 ሜትር በሰከንድ ነው። በ25 ፍሬም ስንቀርጽ ከአንዱ ምስል እስከ ቀጣዩ ገመዱ 45 ሳንቲሜትር ይሄዳል። ሸተሩ 1/50 ከሆነ ከዚያ መንገድ ግማሹን፣ 22 ሳንቲሜትሩን፣ እንደ ብዥታ ምስሉ ላይ ይጽፋል፤ የቀረው ግማሽ ባዶ ነው። ዓይን የአንዱን ብዥታ ጫፍ ከሌላው ብዥታ መጀመሪያ ጋር ያያይዝና ገመዱ ሲዞር ያያል።

ሸተሩን 1/1000 ላይ ያድርጉት። እያንዳንዱ ምስል ለብቻው ሲታይ ድንቅ ነው፤ ገመዱ እንደ ሽቦ ጥርት ብሎ ይታያል፤ የተሳለው አንድ ሳንቲሜትር ብቻ ነውና። ነገር ግን ከዚያ እስከ ሚቀጥለው ምስል 44 ሳንቲሜትር ምንም ነገር አልተጻፈም። ቪዲዮው ሲጫወት ገመዱ መዞሩን ይተውና ከቦታ ቦታ ይዘላል፤ የልጅቱም እጅ እንቅስቃሴ እየተቆራረጠ የሚሄድ ይመስላል። ፀሐይ ላይ በስልክ የተቀረጹ ቪዲዮዎችን የሚያቆራርጣቸው ይህ ነው። ብዙ ሰው ጥፋቱን ከፍሬም ፍጥነቱ ይፈልግና ወደ 60 ከፍ ያደርገዋል፤ እውነተኛው መንስኤ ግን ያጠረው ሸተር ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ሸተሩን 1/25 ላይ ካደረጉት ባዶው ክፍተት ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ብዥታው ከብዥታ ጋር ይገናኛል። ገመዱ ይለሰልሳል፤ ነገር ግን የልጅቱም ፊት በዘለለች ቁጥር ይቀልጣል። በጣም ጨለማ ካልሆነብዎት በስተቀር አይጠቀሙበት።

ሕጉን ሆን ብለው የሚጥሱበት ጊዜ አለ። ሩጫን፣ ድብድብን ወይም ድንጋጤን የሚያሳይ ትዕይንት ላይ 1/100 ወይም 1/200 መምረጥ እንቅስቃሴውን ሻካራና ነርቭ የሚነካ ያደርገዋል፤ የሚረጭ ውኃ ወይም የሚበተን አፈር ጠብታው ተለይቶ ይታያል። ይህን ሲመርጡ ግን አስበውበት ይሁን፤ ካሜራው መርጦልዎት አይሁን።

ሦስተኛ፦ ሸተሩ ከተወሰነ በኋላ ብርሃኑን በሌላ ይቆጣጠሩ

ፎቶ ሲያነሡ ብርሃን ከበዛ ሸተሩን ያሳጥራሉ። በቪዲዮ ይህ በር ተዘግቷል፤ ሸተሩ የእንቅስቃሴው እንጂ የብርሃኑ መቆጣጠሪያ አይደለም። ካሜራውን በእጅ መቆጣጠሪያው (M) ላይ ያድርጉትና ሸተሩን ቆልፉት። የሚቀሩዎት በ f ቁጥር የሚለካው የሌንሱ ቀዳዳ፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት የሚወስነው ISO እና ከሌንሱ ፊት የሚገጠመው ኤንዲ ፊልተር ናቸው። ኤንዲ ፊልተር ማለት ቀለሙን ሳይነካ ብርሃን ብቻ የሚቀንስ ጥቁር መስታወት ነው፤ ለሌንሱ የፀሐይ መነጽር ማለት ይቻላል።

የትኛው ፊልተር እንደሚበቃ በጭንቅላት ማስላት ይቻላል። ደመና በሌለበት በጠራራ ፀሐይ፣ ISO 100 ላይ፣ f/16 እና 1/100 የሚስማማ ብርሃን ይሰጣሉ፤ ይህ የድሮ ፎቶ አንሺዎች መለኪያ ዛሬም ይሠራል። እኛ 1/50 ስለምንፈልግ የሚገባው ብርሃን በእጥፍ ይጨምራል፤ ለማካካስ ቀዳዳው ወደ f/22 መጥበብ ይኖርበታል። ነገር ግን f/22 ላይ ምስሉ ጥራቱን ያጣል፤ ከልጅቱ ኋላ ያለው ግድግዳም እንደ እሷው ጥርት ብሎ ይወጣል። f/4 እንፈልጋለን። ከ22 ወደ 16፣ 11፣ 8፣ 5.6፣ 4 አምስት ደረጃ ነው፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ብርሃኑ በእጥፍ ያድጋል። ሁለት በራሱ አምስት ጊዜ ሲባዛ 32 ይሆናል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ኤንዲ 32 ነው።

በስልክ ለሚቀርጽ ሰው ነገሩ ይብሳል። የአብዛኛው ስልክ ሌንስ ቀዳዳው ሰፊና የማይለወጥ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ላይ ስልኩ ያለው ምርጫ ሸተሩን በሺዎች ወደሚቆጠር ክፍልፋይ ማሳጠር ብቻ ነው። መፍትሔው ሁለት ነገር አንድ ላይ ነው፦ ሸተሩን በእጅ የሚያስቆልፍ የቪዲዮ መተግበሪያ፣ እና ስልኩ ላይ የሚቆነጠጥ ኤንዲ ፊልተር። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። ፊልተር ከሌለዎት ልጅቱን ወደ ጥላ ይውሰዷት፤ ወይም ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ይጠብቁ።

እያዞሩ የሚያጠቁሩትና የሚያነጡት ተለዋዋጭ ፊልተርም አለ፤ ለሥራ በጣም ይመቻል። ሰፊ በሚያሳይ ሌንስ ላይ እስከ መጨረሻው ሲያጠቁሩት ግን በምስሉ ላይ እንደ መስቀል የተጋደመ ጥላ ያወጣል። ጥላው ብቅ ሲል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመልሱት።

አራተኛ፦ ስሎው ሞሽን

እዚህ ላይ የታይምላይኑ ቁጥር ጥቅሙን ያሳያል። የተቀረጸበትን የፍሬም ፍጥነት ለታይምላይኑ ያካፍሉት፤ የሚያገኙት ቁጥር እንቅስቃሴው ስንት ጊዜ እንደሚዘገይ ነው። በ100 ቀርጸው በ25 ካሳዩ አራት ጊዜ ይዘገያል፤ በ50 ከቀረጹ ሁለት ጊዜ፤ በ120 ቀርጸው በ24 ካሳዩ አምስት ጊዜ። የልጅቱ ገመድ አንዱን ዙር የሚጨርሰው በግማሽ ሰከንድ ነበር። በ100 ስንቀርጻት ያው ዙር ታይምላይኑ ላይ ሁለት ሰከንድ ይወስዳል። እግሯ ከመሬት ሲለቅ፣ ገመዱ ከሥሯ ሲያልፍ፣ ጠጉሯ አየር ላይ ሲቆም ለማየት ሁለት ሰከንድ በቂ ነው። ለእግር ጉዞ፣ ለፈገግታ፣ ለሚዞር ቀሚስ ግን አራት ጊዜ ይበዛል ብዬ አምናለሁ፤ ሁለት ጊዜ ሲዘገይ ይበልጥ ያምራል። በጣም የዘገየ ፈገግታ ፈገግታነቱ ይጠፋል።

ሸተሩ እዚህም እጥፍ ነው፤ የሚታጠፈው ግን የተቀረጸበት ፍጥነት እንጂ የታይምላይኑ አይደለም። በ100 ፍሬም 1/200፣ በ120 ፍሬም 1/240 ወይም 1/250 ይሆናል። በ1/200 ገመዱ 5.5 ሳንቲሜትር ብዥታ ይጽፋል፤ ከምስል እስከ ምስል የሚጓዘው ደግሞ 11 ሳንቲሜትር ነው። ግማሽ በግማሽ የሆነው ልክ ተጠብቋል፤ ስለዚህ ሲዘገይም አይቆራረጥም።

ብርሃኑን ግን እንደገና ማስላት ይኖርብዎታል። ከ1/50 ወደ 1/200 ሲሄዱ የሚገባው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ለ25 ፍሬም ኤንዲ 32 ገጥመን ከነበረ አሁን ኤንዲ 8 ይበቃናል፤ ቀዳዳውም ISOውም ባሉበት ይቆያሉ። ይህን የረሳ ሰው ወደ ስሎው ሞሽን በተሻገረ ቁጥር የጠቆረ ምስል ያገኛል፤ ካሜራው ISOውን ራሱ እንዲያስተካክል ከተተወም ምስሉ እንደ አሸዋ በሚንጫጫ ነቁጥ ይሞላል።

በቅንብር ጊዜ ቪዲዮውን ለማዘግየት ንጹሑ መንገድ ፕሮግራሙ የ100 ፍሬሙን ቪዲዮ እንደ 25 ፍሬም እንዲያነብበው ማድረግ ነው። በ Premiere Pro ውስጥ Interpret Footage የሚለውን፣ በ DaVinci Resolve ውስጥ Clip Attributes የሚለውን ከፍተው የፍሬም ፍጥነቱን 25 ላይ ያድርጉ። እያንዳንዱ የተነሣ ምስል በተራው ይታያል፤ የሚጨመርም የሚቀነስም የለም። በ25 የተቀረጸን ቪዲዮ በኋላ በአራት ማዘግየት ግን ሌላ ነገር ነው። የሌሉ ምስሎች ከየትም አይመጡም፤ ፕሮግራሙ ወይ ያንኑ ምስል አራት ጊዜ ይደግመዋል፣ አለዚያም በሁለት ምስሎች መካከል ያለውን ገምቶ ይሥላል። ግምቱ በቀስታ በሚሄድ ደመና ላይ ሊያታልል ይችላል፤ በሚዞር ገመድ ላይ ግን ገመዱ ሲጠፋ፣ ሲሰነጠቅ፣ የልጅቱን እግር ሲያጣምም ያዩታል።

ታዲያ ሁሉንም ነገር በ100 ቀርጾ የሚዘገየውን ማዘግየት፣ ሌላውን በተለመደው ፍጥነት ማሳየት አይሻልም ወይ? ይህን ጥያቄ ብዙዎች ይጠይቁኛል፤ ሐሳቡ ሲሰሙት ብልህነት ይመስላል። የ100 ፍሬም ቪዲዮን በ25 ታይምላይን ላይ በተለመደው ፍጥነት ሲያስኬዱት ግን ፕሮግራሙ ከአራት ምስል ሦስቱን ይጥላል። የሚቀረው ምስል 1/200 የተነሣ ነው፤ ከገመዱ 45 ሳንቲሜትር መንገድ የተጻፈበት 5.5ቱ ብቻ ነው። በ25 ፍሬም 1/200 ሸተር እንደ መረጡ ማለት ነው፤ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል። ከዚህም ሌላ ብዙ ካሜራዎች በከፍተኛ ፍሬም ሲቀርጹ ከሴንሰሩ ዳር ዳሩን ይቆርጣሉ፤ በስሎው ሞሽን ሁነታቸው ደግሞ ድምፅ የማይቀዱም አሉ። ስለዚህ የሚዘገየውንና የማይዘገየውን ቀድመው ይለዩ፤ ልጅቱም ሁለት ጊዜ ትዝለል።

አምስተኛ፦ የሲኒማ መልክ

24 ወይም 25 ፍሬም፣ ግማሽ ክብ ሸተር፣ በኤንዲ ፊልተር የተገኘ ሰፊ ቀዳዳ፤ እስካሁን ያልነው ሁሉ እዚህ ይገናኛል። የቀረው የካሜራው እንቅስቃሴ ነው፤ አብዛኛውን ሰው የሚያሰናክለውም እሱ ነው።

24 ፍሬም ጥቂት ነው። ካሜራውን ቶሎ ወደ ጎን ካዞሩት ቀጥ ያለ ነገር ሁሉ፣ ምሰሶው፣ በሩ፣ የግድግዳው ጠርዝ፣ እየተንገጫገጨ ያልፋል። የቆየው የካሜራ ባለሙያዎች መመዘኛ እንዲህ ይላል፦ ካሜራው ሲዞር አንድ ቋሚ ነገር ከምስሉ አንዱ ጠርዝ ገብቶ በሌላው ለመውጣት ሰባት ሰከንድ ገደማ ይውሰድበት። ሰባት ሰከንድ ሲቆጥሩት ረጅም ነው፤ እጅዎ ይቸኩላል። በአፍዎ እየቆጠሩ ይለማመዱት።

ከዚህ ፈጥነው መሄድ ካለብዎት የሚከተሉት ሰው ይኑር። ልጅቱ ገመዷን እየዘለለች በግቢው ስትሻገር ካሜራው ከእሷ ጋር እኩል ከሄደ ተመልካች የሚያየው እሷን ነው፤ እሷ በምስሉ ውስጥ ቆማለች፤ ኋላዋ ያለው ግድግዳ ቢንገጫገጭም ብዥታ ውስጥ ስላለ ማንም አያየውም። ግድግዳውን ብቻ እየቃኙ ግን በዚያው ፍጥነት መሄድ አይቻልም።

አንድ ነገር ልጨምር። የአብዛኛው ኮምፒውተርና ስልክ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ 24 ደግሞ 60ን እኩል አያካፍልም። ስለዚህ ስክሪኑ አንዱን ምስል ሁለት ጊዜ፣ ቀጣዩን ሦስት ጊዜ እያሳየ ይሄዳል። በቀስታ በሚዞር ካሜራ ላይ የምትታየው ጥቃቅን መንቀጥቀጥ አንዳንዴ የመጣችው ከቀረጻው ሳይሆን ከዚህ ነው። እንደገና ለመቅረጽ ከመነሣትዎ በፊት ቪዲዮውን በሌላ ስክሪን ይዩት።

ስድስተኛ፦ በመብራት ሥር ሲቀርጹ

ከዓመታት በፊት በአዳራሽ ውስጥ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ እንድቀርጽ ተጠርቼ ነበር። አገሩ 50 ሄርዝ ነው። ካሜራዬ እስከ 120 ፍሬም ይደርስ ስለነበር ከፍ ያለው ይሻላል ብዬ 120ን መረጥሁ፤ ሸተሩን 1/250 አደረግሁ፤ ትንሿ ስክሪን ላይም ምንም የሚያስጠረጥር ነገር አላየሁም። ማታ ቤት ገብቼ በ24 ታይምላይን ላይ ሳስቀምጠው አዳራሹ በሙሉ ይተነፍስ ነበር፤ ጨለም፣ ፈካ፣ ጨለም፣ ፈካ፤ በእያንዳንዱ ሰከንድ አራት ጊዜ። ተጫዋቹ ለመዝለል ከተነሣበት ኳሱ መረቡን እስከ ነካበት ድረስ ያለው ያ ያማረ ዝግታ ሁሉ በዚህ ምት ተበላሸ። ጨዋታው አልቋል፤ የሚደገም አልነበረም።

የሆነው እንዲህ ነው። በ50 ሄርዝ መስመር ላይ ብዙ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፤ በ60 ሄርዝ ደግሞ 120 ጊዜ። ዓይን አያየውም፤ አጭር ሸተር ግን ያየዋል። እኔ በሰከንድ 120 ምስል ሳነሣ መብራቱ 100 ጊዜ ይመታ ነበር፤ ልዩነቱ 20 ነው። በሰከንድ 20 ጊዜ የሚመጣ ድምቀትና ጨለማ ምስሉ ላይ ተጻፈ፤ አምስት ጊዜ ሲዘገይ አራት ሆነ። ያኔ 100 ፍሬምና 1/100 ሸተር መርጬ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ምስል አንድ ሙሉ የመብራት ምት ይይዝ ነበር፤ ሁሉም እኩል ብርሃን ያገኙ ነበር። በርግጥ 1/100 ለ100 ፍሬም ከእጥፉ ሕግ የረዘመ ነው፤ ብዥታው በእጥፍ ይጨምራል። ከሚተነፍስ አዳራሽ ግን ለስለስ ያለ እንቅስቃሴ እጅግ ይሻላል፤ ለጨለማ አዳራሽም ተጨማሪ ብርሃን ያስገኛል።

ስለዚህ በ50 ሄርዝ መብራት ሥር ሸተርዎ 1/50 ወይም 1/100 ይሁን፤ በ60 ሄርዝ ሥር 1/60 ወይም 1/120። በ50 ሄርዝ አገር 24 ፍሬም ለመቅረጽ ከፈለጉም 1/50 ያዋጣል፤ ካሜራው በዲግሪ የሚሠራ ከሆነ 172.8 ብለው ይጻፉ። በ60 ሄርዝ አገር ለ24 ፍሬም 1/60 ይውሰዱ፤ በዲግሪ 144 ነው።

ኤልኢዲ መብራት ግን ለዚህ ሠንጠረዥ ሁልጊዜ አይገዛም። አንዳንዱ ምንም አይርገበገብም፤ አንዳንዱ፣ በተለይ ድምቀቱ ሲቀነስ፣ ከመስመሩ ጋር በማይገናኝ በራሱ ፍጥነት ይበራል ይጠፋል። ያኔ በምስሉ ላይ አግድም የተዘረጉ ጥቁር መስመሮች ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲጓዙ ያያሉ። መጀመሪያ መብራቱን ወደ ሙሉ ድምቀት ያድርሱት፤ ብዙውን ጊዜ መስመሮቹ ይጠፋሉ። ካልጠፉ ሸተሩን በጥቃቅን እርምጃ የሚያስተካክል ካሜራ ካለዎት መስመሮቹ እስኪቆሙና እስኪደበዝዙ ድረስ ቀስ እያሉ ይቀይሩት። ይህም እምቢ ካለ መብራቱን ይለውጡ እንጂ በቅንብር አጠፋዋለሁ ብለው አይቁጠሩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አዳራሽ ስገባ ሰው ሳይሞላ ቀድሜ እደርሳለሁ። በመብራቱ ሥር ያለውን ነጭ ግድግዳ በምቀርጽበት ፍሬምና ሸተር አሥር ሰከንድ እቀርጸዋለሁ፤ እዚያው አዘግይቼ በትልቅ ስክሪን አየዋለሁ። ግድግዳ ስለማይንቀሳቀስ በምስሉ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ከመብራቱ የመጣ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ከግድግዳው ፊት እጁን እንዲያወዛውዝ እጠይቅና ቪዲዮውን ምስል በምስል እያስኬድሁ ጣቶቹን አያለሁ። በእያንዳንዱ ምስል ላይ ያለው የጣት ብዥታ እስከ ሚቀጥለው ምስል ካለው ክፍተት ጋር ሲመጣጠን ሸተሩ ልክ ነው፤ ጣቶቹ ጥርት ብለው ቆመው ካገኘኋቸው ካሜራው ሳላውቅ ወደ ራስ ሰር ተመልሷል ማለት ነውና M ላይ መሆኑን እንደገና አረጋግጣለሁ።